የማሽኑ ሙቀትና የእንቁላሉ ሙቀት

የዶሮ እንቁላል በስንት ዲግሪ ይፈለፈላል ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ አጭር ነው። ማራገቢያ ባለው ማሽን ከ37.5 እስከ 37.8 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። ማሽን የሚሸጠውም፣ ከማሽኑ ጋር የሚመጣው የመመሪያ ወረቀትም፣ ለዓመታት ጫጩት ሲያስፈለፍል የኖረውም የሚሉት ይህንኑ ነው፤ ልክም ናቸው። ግን ይህንኑ ቁጥር ሞልተው አንዱ ዙር የሚሰምርላቸው፣ ቀጣዩ ደግሞ ግማሹ ሳይፈለፈል የሚቀርባቸው ሰዎች ብዙ ናቸው። ቁጥሩ የሚነግረን የአየሩን ሙቀት ነው። ፅንሱ የሚያድገው ቅርፊት ውስጥ ነው፤ በቅርፊቱ ውስጥና በውጭው አየር መካከል ያለው የሙቀት ልዩነትም በ21ዱ ቀናት ውስጥ አቅጣጫውን ይቀይራል። የሙቀት መዛነፍ አንዴ ምንም ሳያደርግ አልፎ ሌላ ጊዜ ሙሉውን ዙር የሚያበላሸው በዚህ የተነሳ ስለሆነ፣ ጥያቄው ሁሉ ሊታይ የሚገባው ከዚህ ልዩነት አንጻር ይመስለኛል።

ነገሩን ቴርሞሜትር ከመፈልሰፉ እጅግ ቀድመው በተግባር የደረሱበት ሰዎች ነበሩ። በግብፅ ከጭቃ ጡብ በተሠሩ የማስፈልፈያ ምድጃዎች በሺህ የሚቆጠር እንቁላል በአንድ ጊዜ ይፈለፈል ነበር። አርስጣጣሊስ ግብፆች እንቁላል በፋንድያ ውስጥ እየቀበሩ እንደሚያስፈለፍሉ ጽፏል፤ ፈረንሳዊው ሊቅ ሬዎሚርም በ1749 ባሳተመው መጽሐፉ ስለነዚህ ምድጃዎች በስፋት አትቷል። ሠራተኞቹ የእንቁላሉን ሙቀት የሚያውቁት ዓይናቸውን ጨፍነው ቅርፊቱን የዓይናቸው ቆብ ላይ በማስነካት ነው። በዚያ ስስ ቆዳ የሚለኩት የክፍሉን አየር ሳይሆን ራሱን እንቁላሉን መሆኑን ልብ ይሏል። ከዚህም በላይ የመታቀፊያው ጊዜ ከተጋመሰ በኋላ እሳቱን ያቆሙ ነበር፤ ከዚያ በኋላ እንቁላሎቹ በራሳቸው ሙቀት መዝለቅ እንደሚችሉ ያውቃሉና።

ዘመናዊው ጥናት የጀመረው ከታችኛው ወሰን ነው። በ1902 ኤድዋርድስ የተባለ ተመራማሪ የፅንሱ ዕድገት የሚቆምበትን ሙቀት ፈልጎ ከ20 እስከ 21 ዲግሪ አካባቢ አገኘው። ከዚያ በታች ፅንሱ ይተኛል፤ ከዚያ በላይ ይነቃል። የዛሬው አስተያየት ወሰኑን ትንሽ ከፍ አድርጎ የሚያስቀምጥበት ጊዜ ቢኖርም ለሥራው የሚሰጠው ትምህርት አንድ ነው። እንቁላል ሲጣል ፅንሱ ሥራውን ጀምሯል፤ በአስኳሉ ላይ የምትታየው ነጭ ነጥብ በዚያ ሰዓት በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሕዋሳት አሏት። ስለዚህ ማሽን እስኪገባ ድረስ ከ15 እስከ 18 ዲግሪ ባለው ቀዝቃዛ ቦታ፣ ቢበዛ ለአንድ ሳምንት ይቀመጣል። በቆላ አካባቢ እንቁላሉን ቀን 27፣ ሌሊት 19 በሚሆን ክፍል ውስጥ የሚያከማች ሰው ግን ፅንሱን ሳያውቀው በየቀኑ እየቀሰቀሰ መልሶ ያስተኛዋል። ለትክክለኛ ዕድገት በማይበቃ ሙቀት ሲቆይ አንዱ የሰውነት ክፍል ከሌላው ጋር እኩል አይሄድም፤ ገና ማሽኑ ሳይበራ የተዳከመ ፅንስ ማለት ነው። እንዲህ ያለው እንቁላል በሦስተኛና በአራተኛው ቀን ሲሞት ጥፋቱ የሚለጠፈው ማሽኑ ላይ ነው።

የላይኛውን ቁጥር በጥንቃቄ ያስቀመጠው ባሮት የተባለ የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት ተመራማሪ ነው። በ1937 ባወጣው ሥራ የተለያየ ሙቀት፣ እርጥበትና አየር እየሰጠ የእንቁላሎቹን አፈለፋፈል ሲያወዳድር 37.8 ላይ ምርጡን ውጤት አገኘ። እስከ ዛሬ ማሽኖች ሁሉ በዚህ ቁጥር ዙሪያ ይሠራሉ። ከ2000 ወዲህ ደግሞ የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች ጥያቄውን ወደ ቅርፊቱ አዞሩት። ሎረንስና ባልደረቦቹ በ2005 ባወጡት ጥናት አየሩን ትተው የቅርፊቱን ሙቀት ቋሚ ለማድረግ የማሽኑን አየር እንደ ፅንሱ ሁኔታ ዝቅና ከፍ አደረጉ፤ ቅርፊቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ 37.8 ላይ የቆየላቸው እንቁላሎች በአፈለፋፈልም በጫጩት ጥራትም በለጡ። ቁጥሩ የባሮት ቁጥር ነው፤ የሚለካበት ቦታ ግን ተቀየረ። ለእኔ በዚህ መቶ ዓመት ውስጥ ከተገኘው ሁሉ ለአስፈልፋይ የሚጠቅመው ትልቁ ነገር ይህ ነው።

ምክንያቱ የፅንሱ ምግብ ማቃጠል ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ፅንሱ ኢምንት ስለሆነ ሙቀት አያመነጭም፤ እንቁላሉ ከአየሩ ይቀበላል፣ ውሃም ስለሚተንበት ከአየሩ ትንሽ ይቀዘቅዛል። ከዘጠነኛ ወይም አሥረኛው ቀን ገደማ በኋላ ነገሩ ይገለበጣል። በ18ኛው ቀን አንድ እንቁላል ከ0.1 ዋት በላይ ሙቀት ያመነጫል። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ ሺህ እንቁላል በታጨቀበት ማሽን ግን ባለ 100 ዋት አምፖል ውስጡ አብርቶ በሩን እንደ መዝጋት ነው። በዚህ ጊዜ ማሽኑ 37.6 እያሳየ ቅርፊቱ 38.6 ወይም ከዚያም በላይ ሊሆን ይችላል፤ ልዩነቱ የሚወሰነው አየሩ በእንቁላሎቹ መካከል በሚነፍስበት ፍጥነት ነው። ማራገቢያው አቧራና ላባ ይዞ የዘገመበት፣ ወይም ነፋሱ የማይደርስበት ጥግ ላይ ያለው ትሪ ከሌላው ቀድሞ ይግላል። ማራገቢያ በሌለው ሣጥን ደግሞ ሙቅ አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ የሚለካው በእንቁላሎቹ ጀርባ ትክክል ነው፤ እዚያ ከ38.3 እስከ 38.9 መሆን አለበት፣ የታችኛው ጎናቸው ቀዝቀዝ ስለሚል። የቴርሞሜትሩ ጫፍ ከእንቁላሉ ጥቂት ጣት ከፍ ብሎ ከተሰቀለ ቁጥሩ ትክክል እየመሰለ እንቁላሎቹ ይበርዳሉ።

እንግዲህ ሙቀቱ ሲዛነፍ ምን ይሆናል? ከመጠን ያለፈ ሙቀት ከመጠን ካነሰ ሙቀት ይበልጥ ይገድላል፤ ይህን ሁሉም ጥናት ይስማማበታል። ከ37.8 ሁለት ዲግሪ ወደ ታች የወረደ እንቁላል ለጥቂት ሰዓት ዕድገቱ ይዘገያል እንጂ ብዙውን ጊዜ ይተርፋል፤ ሁለት ዲግሪ ወደ ላይ የወጣው ግን ለብዙ ሰዓት ከቆየ ይጎዳል።

ሙቀቱ የበዛው በመጀመሪያው ሳምንት ከሆነ የሚጎዳው ገና በመሠራት ላይ ያለው አካል ነው። ልብ በሁለተኛው ቀን መምታት ትጀምራለች፤ አንጎልና ዓይንም ቅርጻቸውን የሚይዙት በእነዚሁ ቀናት ነው። በዚህ ጊዜ የጋለ ፅንስ ልቡ ቆማ ሊሞት፣ ወይም አንጎሉ በራስ ቅሉ ሳይሸፈን፣ ዓይኑ ሳይሠራ ሊያድግ ይችላል። የሞተውን በሰባተኛው ቀን ጨለማ ክፍል ውስጥ በባትሪ ብርሃን ሲያዩት በአስኳሉ ዙሪያ ቀይ የደም ቀለበት ይታያል፤ የደም ሥሮቹ ፈርሰው ደሙ ወደ ዳር ሲሰበሰብ የሚፈጠር ነው። ቀለበቱ ብቻውን ግን ሙቀትን አያስመሰክርም። የቆየ ወይም በመንገድ የተንገላታ እንቁላልም ይኸው ቀለበት ይታይበታል።

በመጨረሻው ሳምንት የሚደርሰው ጉዳት ሌላ ነው፤ እዚህ ላይ ዋናው ነገር ኦክስጅን ነው። ሙቀት ሲጨምር ፅንሱ ምግቡን ቶሎ ያቃጥላል፤ ለማቃጠል ኦክስጅን ይፈልጋል። የቅርፊቱ ቀዳዳዎች ግን ቁጥራቸው አይጨምርም፤ ከ18ኛው ቀን ገደማ ጀምሮ ፅንሱ በቀዳዳዎቹ ሊገባለት ከሚችለው ኦክስጅን ጫፍ ላይ ደርሷል። ከዚያ በላይ ሲግል የአስኳሉን ስብ በሚገባ ማቃጠል ስለሚያቅተው ለመፈልፈያ ጉልበት በጉበቱና በጡንቻው ያጠራቀመውን ስኳር ቀድሞ ይጨርሳል። ልቡም ከሚገባው አንሳ ትቀራለች። ቅርፊቱን ሊሰብር ሲነሳ ጉልበት የለውም። በከፍታ ቦታ ችግሩ ይደረባል። አዲስ አበባ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር ሦስት አራተኛ አካባቢ ብቻ ስለሆነ በእያንዳንዷ ቀዳዳ የሚገባው ኦክስጅን ከመነሻውም ያነሰ ነው። ቆላ ላይ ላለ ሰው የሚያልፍለት ትርፍ ግማሽ ዲግሪ ደጋ ላይ ላያልፍ ይችላል፤ የመጨረሻው ሳምንት ላይ የአየር መግቢያውን ሙሉ በሙሉ መክፈትም ለደጋ ሰው ግዴታ ነው።

እንዲህ ሆኖ የተፈለፈለ ጫጩት በዓይን ይታወቃል። ከጊዜው ቀድሞ ይወጣል፤ ትንሽ፣ ላባው አጭርና የነጣ ነው። በእጅ ገልብጠው ሆዱን ሲያዩት እምብርቱ በደንብ አልተዘጋም፤ መሃሉ ላይ እንደ ጥቁር ቁልፍ የደረቀ ነገር ተለጥፎ ይገኛል። አስኳሉ ወደ ሆድ ሙሉ በሙሉ ሳይገባ ስለወጣ የተረፈው ነው፤ ባክቴሪያ የሚገባውም በዚያው ነው። የቁርጭምጭሚቱ መገጣጠሚያም ከቅርፊቱ ጋር ሲታገል ተፍቆ ይቀላል። እንዲህ ያሉት ብዙዎቹ በመጀመሪያው ሳምንት ያልቃሉ፤ ያኔ ደግሞ ጥፋቱ ለመኖ ወይም ለብርድ ይሰጣል።

ሙቀቱ ሲያንስ ምልክቱ ሌላ ነው። ጫጩቶቹ ከ21 ቀን አልፈው በ22ኛው፣ በ23ኛው ቀን ይወጣሉ፤ አንዱ ዛሬ፣ ሌላው ነገ እያሉ ይንጠባጠባሉ። ሆዳቸው ትልቅና ለስላሳ፣ ላባቸው እርጥብ ሆኖ የሚጣበቅ፣ እግራቸው የማይጸናላቸው ናቸው። ቅርፊቱን ሰብረው መውጣት አቅቷቸው የሚቀሩም ይኖራሉ። በመላው ጊዜ ከ36 በታች የቆየ ዙር ከጫጩት ይልቅ ያልተፈለፈለ እንቁላል ይሰጣል።

አንድ ዙር ይዘን እንመርምር። ማራገቢያ ባለው ባለ 60 እንቁላል ማሽን የተሞላ ነው እንበል። ማሳያው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ 37.7 ሲል ቆይቷል። በ19ኛው ቀን ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ መሰበር ይጀምራል፤ በ20ኛው ቀን ጠዋት 38 ጫጩቶች ወጥተዋል፤ ብዙዎቹ ትንንሽና እምብርታቸው ጥቁር ቁልፍ የያዘ ነው። ቀሪዎቹን 22 እንቁላሎች አንድ በአንድ ሰብሮ ማየት ያስፈልጋል፤ ሥራው ደስ አይልም፣ መልሱ ያለው ግን እዚያ ነው። አምስቱ ምንም ያልጀመሩ፣ ማለትም ያልተዳቀሉ ናቸው። ሦስቱ የደም ቀለበት ያለባቸው ናቸው። የቀሩት 14 ግን ሙሉ ላባ የለበሱ፣ አስኳላቸው ከሆዳቸው ውጭ የቀረ፣ አፋቸውም ወደ አየር ክፍሉ ያልደረሰ ናቸው።

ከጊዜው መቅደሙ፣ እምብርቱና በመጨረሻው ሰዓት የሞቱት ፅንሶች ብዛት አንድ ላይ ሲታዩ የሚጠቁሙት ወደ ትርፍ ሙቀት ነው። ግን ማሳያው 37.7 ይላል። ስለዚህ የሚጠረጠረው ማሳያው ነው። የማሽንን ቴርሞሜትር ለማረም የሰው የሰውነት ሙቀት መለኪያ ይበቃል፤ የሚለካው ክልል ከምንፈልገው ጋር አንድ ነውና። አንድ ስኒ ለብ ያለ ውሃ 38 አካባቢ አድርገው፣ ይህን መለኪያና የማሽኑን መስታወት ቴርሞሜትር ጎን ለጎን ነክረው ጥቂት ደቂቃ ካቆዩ በኋላ ያወዳድራሉ። የማሽኑ መለኪያ ኤሌክትሮኒክ ከሆነ ውሃ ውስጥ ስለማይነከር፣ አስቀድሞ የተረጋገጠ ቴርሞሜትር ከእንቁላሎቹ አጠገብ ይቀመጣል። ትንሽ ጠርሙስ ውሃ ሞልቶ ከእንቁላሎቹ መሃል ማስቀመጥና የቴርሞሜትሩን ጫፍ እዚያ ውስጥ ማድረግ ደግሞ በሩ በተከፈተ ቁጥር ከሚዘለው ቁጥር ያድናል። በፈላ ውሃ ማረም ግን ደጋ ላይ ያሳስታል፤ አዲስ አበባ ውስጥ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ገደማ ነው።

በዚህ ምሳሌ ማሳያው በ0.7 ዝቅ አድርጎ የሚያነብ ሆኖ ተገኘ እንበል። አየሩ ሙሉውን ጊዜ 38.4 ነበር ማለት ነው። በመጀመሪያው ሳምንት እንቁላሉ ከአየሩ ስለማይበልጥ ጉዳቱ ያን ያህል አይደለም፤ የደም ቀለበቶቹም ሦስት ብቻ ናቸው። በ18ኛው ቀን ግን የፅንሱ የራሱ ሙቀት አንድ ዲግሪ ገደማ ሲጨምርበት ቅርፊቱ ከ39 በላይ ሄዷል። ትልልቆቹ ማስፈልፈያዎች ቅርፊቱ 39.4 ሲደርስ የአደጋ ምልክት አድርገው ይወስዱታል። ቀጣዩ ዙር ማሳያው 37.0 ላይ ተሞልቶ፣ ከ18ኛው ቀን ጀምሮ ደግሞ ሌላ ግማሽ ዲግሪ ዝቅ ብሎ ይሄዳል። ማረጋገጫውም አለ። ጆሮ ውስጥ የሚለካ የኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር ያለው ሰው የእንቁላሉን ወገብ ይለካ፤ አየር ክፍሉ ያለበትን ሰፊ ጫፍ አይለካ፣ እዚያ ቁጥሩ ዝቅ ይላል። ከትሪው መሃልና ከጥግ አሥር ያህል እንቁላል ለክቶ 37.8 አካባቢ ካገኘ የማሽኑ ማሳያ ምንም ቢል ግድ የለም።

ከዚህ ሁሉ ጋር የማይገጥም የሚመስል አንድ ሥራ አለ፤ ሳይነሳ መታለፍ የለበትም። በእስራኤል ፒዬስቱንና ባልደረቦቹ በ2008 ባወጡት ጥናት የሥጋ ዶሮ ፅንሶችን ከሰባተኛው እስከ 16ኛው ቀን በየዕለቱ ለ12 ሰዓት ብቻ ወደ 39.5 እያሞቁ፣ እርጥበቱንም 65 በመቶ እያደረጉ አሳደጉ። ከእነዚህ የወጡት ዶሮዎች አድገው ብርቱ ሙቀት ሲመጣባቸው ከሌሎቹ የተሻለ ቻሉ። ያለማቋረጥ 24 ሰዓት የሞቁት ግን አፈለፋፈላቸው ወረደ። ለቆላ አርቢ የሚያጓጓ ውጤት ነው። ሆኖም የተደረገው በሰዓት በተቆጠረ፣ በእርጥበት በተደገፈ ሙቀት ነው። ቴርሞስታቱ ዘገም ብሎ አየሩን ከፍ ዝቅ የሚያደርግ የቤት ማሽን ይህን አያደርግም፤ በቤት ማሽን የሚመጣው ትርፍ ሙቀት በብዛት የሚወድቀውም ከ16ኛው ቀን በኋላ ነው።

የቀረው መብራት ሲጠፋ የሚደረገው ነው። ቁጥሩ 37.8 ሆኖ የቆየ ዙር የሚዛነፍበት ዋናው መንገድ ይሄ ነው፤ ጉዳቱ ግን ከሚፈራው ያነሰ ነው። ታቅፋ ያለች ዶሮም ለመብላትና ለመጠጣት በየቀኑ ትነሳለች፤ እንቁላሉ ይበርዳል፣ ተመልሳ ታሞቀዋለች። ከ32 ዲግሪ በታች እስከ 18 ሰዓት ቆይተው የተረፉ ፅንሶች አሉ። የሚደረገው በዕድሜያቸው ይወሰናል። በመጀመሪያው ሳምንት እንቁላሎቹ የራሳቸው ሙቀት ስለሌላቸው ማሽኑን ሳይከፍቱ በብርድ ልብስ መሸፈን፣ ሰዓቱ ከረዘመ ሙቅ ውሃ የተሞላ የፕላስቲክ ጠርሙስ እንቁላሎቹን ሳያስነኩ ውስጥ ማስገባት ነው። ከ15ኛው ቀን ወዲህ ባለ ጥቂት ደርዘን ሣጥንም ይሸፈናል፤ የአየር መግቢያው ግን ክፍት ይተዋል። በብዙ መቶ እንቁላል የታጨቀ ትልቅ ማሽን ግን ማራገቢያው በቆመ ሰዓት ከመብረዱ በፊት ይግላል፤ ውስጡ ያለው አየርም ቶሎ ይታፈናል። እዚያ ላይ መጀመሪያ የሚደረገው በሩን ገርበብ አድርጎ መክፈት፣ የቅርፊቱን ሙቀት እየለኩም መብረድ ሲጀምር መዝጋት ነው።

መብራቱ ሲመለስ የጠፋውን ሰዓት ለማካካስ ብሎ ቴርሞስታቱን ከፍ ማድረግ በፍጹም አይገባም፤ ብርዱ ያላጠፋውን ፅንስ ትርፉ ሙቀት ያጠፋዋል። ማሽኑ በነበረበት ቁጥር ይቀጥላል። ከአራት እስከ ስድስት ቀን በኋላ እንቁላሎቹ በብርሃን ይታያሉ፤ ጥቁረቱ የጨመረ፣ ሲያዞሩት የሚንቀሳቀስ ነገር ያለበት በሕይወት ነው፤ የደም ቀለበት የያዘው ወይም የተበጠበጠው ይወጣል። መፈልፈያው ከ21ኛው ቀን አንድ ወይም ሁለት ቀን ሊዘገይ ስለሚችል እስከ 23ኛው ቀን ማሽኑ ሳይጠፋ ይቆይ።